የማይጠፋ ምልክት፦ ኮሌራና የጂ ፕሮቲን ሰንሰለት

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ኮሌራ በቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ፀበል ተነሳ። ፀበልተኛ ከየአገሩ ስለሚመጣ ስጋቱ በአንድ ወረዳ የሚቀር አልነበረም። ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ሆኖ ለሴል ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ፣ የጂ ፕሮቲንን ሰንሰለት ከዚህ በሽታ የተሻለ የሚያስረዳው ምሳሌ አያገኝም።

በጤናማ ሴል ሆርሞን ከተቀባዩ ሲገጥም፣ ተቀባዩ ጂ ፕሮቲኑን ጂዲፒ አስለቅቆ ጂቲፒ ያስይዘዋል። አልፋ የተባለው ክፍል ተነጥሎ አዴኒሊል ሳይክሌዝን ያነቃል፤ ይህ ኢንዛይም ከኤቲፒ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይሠራል። ይህን ሁለተኛ መልእክተኛ ያገኘው ኧርል ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ኖቤል ተሸልሟል።

ብዙዎች የሚስቱት ምልክቱ በየደረጃው የሚባዛ ሲመስላቸው ነው። ለስሌት ያህል አንድ ተቀባይ 10 ጂ ፕሮቲን ያንቃ። አንድ አልፋ የሚያነቃው አንድ ሳይክሌዝ ብቻ ስለሆነ እዚህ ብዜት የለም። እያንዳንዱ ሳይክሌዝ 100 ሳይክሊክ ኤኤምፒ ቢሠራ 1,000 ይሆናል። ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ ግን 4 ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይዞ የሚለቀው 2 ንቁ ካይኔዝ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 500 ይወርዳል። እያንዳንዱ ካይኔዝ 100 ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ቢያኖር 50,000 ይደርሳል። የሚያበዛው ደጋግሞ የሚሠራው ብቻ ነው፦ ተቀባዩ፣ ሳይክሌዙና ካይኔዙ።

ከቁጥሩ ይልቅ ወሳኙ ግን ጊዜው ነው። አልፋው ጂቲፒውን ራሱ ቆርጦ ይጠፋል። የኮሌራ መርዝ አልፋው ላይ ኤዲፒ ራይቦዝ ለጥፎ ይህን የመቁረጥ አቅም ይነሳዋል። በአንጀት ሴል ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይከማቻል፤ ካይኔዙ የክሎራይድ በሩን ይከፍታል፤ ክሎራይዱን ተከትሎ ሶዲየምና ውሃ ይፈሳል። የጠናበት በሽተኛ የሩዝ ውሃ የመሰለ ሰገራ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ያወጣል። ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ቢሰጠው አይረዳውም፤ ብልሽቱ ከተቀባዩ በታች ነው።

የትክትክ መርዝ በተቃራኒው የሚከለክለውን ጂ ፕሮቲን፣ ጂአይን፣ ከተቀባዩ ያለያየዋል፤ እዚያም ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይጨምራል። ጂኪው ደግሞ በፎስፎሊፔዝ ሲ በኩል አይፒ3ን፣ ዳግንና ካልሲየምን ያስነሳል፤ ስሙንና ቅደም ተከተሉን መያዝ ይበቃል።

ወደ ኮሌራ ስንመለስ፣ ኦአርኤስ መርዙ ያስነሳውን ሰንሰለት አያቆመውም። ሶዲየምን ከግሉኮስ ጋር አብሮ የሚያስገባው አጓጓዥ በመርዙ ስላልተነካ፣ ውሃው በዚያ በር ይመለሳል። ስለዚህ ኦአርኤስ የጠጣ አተት የያዘው ሰው ተቅማጡ ወዲያው ባይቆምም መስጠቱን አታቋርጡ፤ ካስታወከም አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉለት፤ መጠጣት ካቃተው ደግሞ ግሉኮስ ሳይሆን የደም ሥር ሪንገር ላክቴት ያስፈልገዋልና ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።