«አልተመረጡም»፦ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ ላልተመረጠ ሥራ ፈላጊ የሚጻፍ መልእክት

መግቢያ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ክፍሎች ሁሉ፣ የቅጥር ውድድር ውጤት በአብዛኛው የሚገለጸው ለተመረጠው ሰው ነው። የተመረጠው ይጠራል ወይም ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ያልተመረጠው ደግሞ ከዝምታው ውጤቱን እንዲረዳ ይጠበቃል። መልእክት የሚላክለት ከሆነም ብዙ ጊዜ በምስጋናና በመልካም ምኞት ስለሚሸፈን ውሳኔው በግልጽ አይታይም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ ላልተመረጠ ሰው አክብሮት ያልጎደለው፣ ግልጽና የማይፈጸም ተስፋ የማይሰጥ መልእክት በአማርኛ እንዴት ይጻፋል? የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የሐሰት ተስፋ የሚመነጨው ከጸሐፊው ክፋት ሳይሆን ለትሕትና ሲባል ከሚመረጡ ጥቂት ቃላትና የግስ ቅርጾች ነው የሚል ነው።

የመጠበቅ ዋጋ

ጉዳዩን ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ምሳሌው ለማብራሪያ የተዘጋጀ እንጂ በእውን የደረሰ አይደለም። ነዋሪነቷ በአማራ ሳይንት ወረዳ፣ አጅባር ከተማ የሆነ አንዲት የኬሚስትሪ ምሩቅ በመካነ ሰላም ለወጣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን የሥራ መደብ ተወዳደረች። አንድ ጊዜ ለምዝገባ፣ ሁለተኛ ጊዜ ለጽሑፍ ፈተና፣ ሦስተኛ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ተመላልሳለች። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ደሴ ላይ ተመሳሳይ ማስታወቂያ ወጣ። ምዝገባው ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ከቅጂው ጋር ይዞ በአካል መቅረብን የሚጠይቅና በጥቂት የሥራ ቀናት የሚዘጋ ነው። ተወዳዳሪዋ የመካነ ሰላሙን ውጤት በግልጽ ካወቀች ወደ ደሴ ትሄዳለች፤ ተስፋ ያላት ከመሰላት ግን ገንዘቧን ቆጥባ ትጠብቃለች። ስለዚህ ያልጠራ መልእክት የሚያደርሰው ጉዳት ከስሜት ያልፋል፤ ያመለጠ ምዝገባ ሆኖ ይቆጠራል።

የተለመደው ደብዳቤ

ለዚህች ተወዳዳሪ የሚከተለው መልእክት ደረሳት እንበል፦

«ለተቋማችን ላሳዩት ፍላጎት ከልብ እናመሰግናለን። በቃለ መጠይቁ ወቅት ያሳዩት ብቃት እጅግ አስደስቶናል። ሆኖም በርካታ ብቁ አመልካቾች በመቅረባቸው ለጊዜው እርስዎን ለመቅጠር ሁኔታዎች አልፈቀዱም። ማስረጃዎን በመዝገብ ይዘናል፤ ክፍት ቦታ ሲኖር እናሳውቅዎታለን። ተስፋ አይቁረጡ።»

ደብዳቤው ትሑት ይመስላል፤ ነገር ግን «አልተመረጡም» የሚል ቃል በውስጡ የለም። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ውሳኔውን ጊዜያዊ ያደርገዋል፤ ጊዜው ሲያልፍ ይለወጣል የሚል ትርጉም ይሰጣል። «ሁኔታዎች አልፈቀዱም» የሚለው ሐረግ ወሳኙን አካል ይሰውራል፤ አንባቢዋም ሁኔታው የበጀት ነው ወይስ የውጤት የሚለውን መለየት አትችልም። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው «ሲኖር» የሚለው ነው። «ቢኖር» ቢባል ነገሩ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ «ሲኖር» ግን መኖሩ እንደማይቀር ተቆጥሮ የሚነገር ነው። አንድ ፊደል ብቻ ተለውጦ ግምት ወደ ቀጠሮ ተለወጠ። «እናሳውቅዎታለን» ሲታከልበት ደግሞ ተቋሙ የማይፈጽመውን ግዴታ ገባ ማለት ነው።

በንግግር ባህላችን «እናያለን» ወይም «እንነጋገርበታለን» የሚሉት ብዙ ጊዜ ለስላሳ እምቢታ መሆናቸው ይታወቃል፤ ይሁንና ይህን የምንረዳው ከተናጋሪው ፊትና ከድምፁ ነው። ደብዳቤ ፊትም ድምፅም የለውም። ስለዚህ በቃል ሲነገር እምቢታ የሆነው ሐረግ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ተስፋ ይሆናል።

አሉታዊ መልእክት ሁልጊዜ በማለስለሻ መግቢያ ይጀመር የሚለው ትምህርት በንግድ ጽሕፈት መማሪያዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የቆየ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኪቲ ሎከር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራዊ ጥናት ግን ማለስለሻ መግቢያው የአንባቢዎችን ምላሽ ያን ያህል እንደማያሻሽል አሳይተዋል። ውጤቱ የተገኘው በሌላ አገርና በሌላ ቋንቋ በመሆኑ ለአማርኛ እንዳለ አይወሰድም፤ ቢሆንም ማለስለሻው ይረዳል የሚለውን ልማድ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይሰጣል።

ተሻሽሎ የተጻፈው ደብዳቤ

ያንኑ ውሳኔ እንደሚከተለው መጻፍ ይቻላል፤ ነጥቦቹና ቀኖቹ የምሳሌው ናቸው፦

«ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን የቅጥር ውድድር ውጤትን ስለማሳወቅ
ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ለቃለ መጠይቅ ስለቀረቡ እናመሰግናለን። ለዚህ የሥራ መደብ አልተመረጡም፤ ቦታው በሌላ ተወዳዳሪ ተይዟል። በተጠባባቂነትም አልተያዙም። ውጤትዎ በጽሑፍ ፈተና ከ60 48፣ በቃለ መጠይቅ ከ40 27፣ በድምሩ 75 ነው፤ የተመረጡት ተወዳዳሪ ድምር ውጤት 83 ነው። በቃለ መጠይቁ ነጥብ የቀነሰው በዋናነት ስለ መሣሪያ ልኬት ማስተካከል በተጠየቁት ሁለት ጥያቄዎች ነው። በውድድሩ አካሄድ ላይ ቅሬታ ካለዎት እስከ ግንቦት 22 ቀን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ። ወደፊት በሚወጡ ማስታወቂያዎች ለመወዳደር እንደ አዲስ ማመልከት ያስፈልጋል፤ የአሁኑ ማመልከቻዎ ወደ ሌላ ውድድር አይተላለፍም።»

ምስጋናው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያመሰግነውም በእርግጥ የተፈጸመን ነገር፣ ማለትም ተወዳዳሪዋ በተጠቀሰው ቀን መቅረቧን ነው። ውሳኔው ወዲያው ይከተላል። «አልተመረጡም» የሚለው ግስ በአክብሮት ቅርጽ የተነገረ ስለሆነ ግልጽነቱ ክብር አይነካም፤ በአማርኛ አክብሮቱን የሚሸከመው «እርስዎ» እንጂ የእምቢታው መደብዘዝ አይደለም። «ቦታው ተይዟል» የሚለው ደግሞ የመጠበቅን በር ይዘጋል።

«ውሳኔው የመጨረሻ ነው» የሚለው ሐረግ ሆን ተብሎ አልገባም። ቅሬታ ማቅረብ የሚቻል ከሆነ «የመጨረሻ» ማለት ከእውነቱ ጋር ይጋጫል። በአንጻሩ ቅሬታ የማቅረብ መብት ራሱ የሐሰት ተስፋ እንዳይሆን «በውድድሩ አካሄድ ላይ» ተብሎ ተወስኗል፤ የሚመረመረው ነጥብ አደማመሩና ሥርዓቱ እንጂ የተወዳዳሪዋ ችግር አይደለም።

ምክንያትን የመግለጽ ወሰን

ምክንያት መስጠት ጥቅምም ጉዳትም አለው። ፕሎይሃርት፣ ራያንና ቤኔት በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ያልተመረጡ ሰዎች ስለራሳቸው ውጤት ዝርዝር መረጃ ሲያገኙ ሂደቱን ይበልጥ ፍትሐዊ አድርገው እንደሚያዩት፣ ስለራሳቸው ያላቸው ግምት ግን ዝቅ ሊል እንደሚችል አመልክተዋል። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ መመሪያ ምክንያቱን ከሰውየው ባሕርይ ነጥሎ ከመልሱ ጋር ማያያዝ ነው። «በራስ መተማመን ይጎድልዎታል» ስለ ሰው የተሰጠ ፍርድ ነው፤ «በሁለት ጥያቄዎች ነጥብ ቀንሷል» ግን ተወዳዳሪዋ አንብባ ልታሻሽለው የምትችለው ነገር ነው።

ምክንያቱ ከቅጥር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ መውሰድ አለበት እንጂ ደብዳቤ በሚጻፍበት ሰዓት መፈጠር የለበትም። በቃለ ጉባኤው የሌለ ምክንያት ቅሬታ ሲቀርብ አይጸናም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት ምክንያቶች በሥራ ፈላጊዎች መካከል ልዩነት ማድረግን ከልክሎ ነበር። ስለዚህ «የአካባቢውን ሁኔታ አያውቁም» እንደሚሉት ያሉ ሐረጎች በቅን ልቦና ቢጻፉ እንኳ ሌላ ንባብ ይኖራቸዋል። የተመረጠውን ሰው ስም በደብዳቤው መጥቀስም አያስፈልግም፤ ለንጽጽር ድምር ውጤቱ ይበቃል።

የሁለተኛው ተወዳዳሪ ጉዳይ

ከላይ ያለው ደብዳቤ ለሁሉም አይሠራም። አንደኛ የወጣው ሰው ሥራውን ላይቀበል ስለሚችል ሁለተኛ የወጣው እውነተኛ፣ ግን ውስን ዕድል አለው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ሲሉ የሁሉንም መልስ ያዘገያሉ፤ በዚህም አምስተኛ የወጣው ሰው ፈጽሞ በማይመለከተው ምክንያት ይጠብቃል። የተሻለው መንገድ ተወዳዳሪዎቹን መለየት ነው። በምንም ሁኔታ የማይቀጠሩት ውጤቱ እንደጸደቀ ይነገራቸው። ሁለተኛው ደግሞ ከነቀነ ገደቡ እውነቱን ይወቅ፦ «በአንደኛ ተጠባባቂነት ተይዘዋል፤ የተመረጡት ተወዳዳሪ እስከ ግንቦት 22 ቀን ካልቀረቡ እንጠራዎታለን። ከዚያ ቀን በኋላ ጥሪ ካልደረሰዎት ተጠባባቂነቱ አብቅቷል፤ እስከዚያም ሌላ ቦታ ከመወዳደር አይቆጠቡ።» ተጠባባቂነት የሐሰት ተስፋ የሚሆነው ቀን ሳይቆረጥለት ሲቀር ነው።

በስልክ ሲላክ

በአካባቢው ፈጥኖ የሚደርሰው የስልክ አጭር መልእክት ነው። በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ምልክቶችን ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በክፍል በክፍል ተቆርጦ ይላካል። ምስጋናው የመጀመሪያዎቹን 70 ምልክቶች ከጨረሰ ውሳኔው ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፋል። የሚከተለው ግን ክፍት ቦታዎቹ ተቆጥረው 63 ምልክት ነው፦

«ለላቦራቶሪ ቴክኒሻን መደብ አልተመረጡም። ቦታው በሌላ ተወዳዳሪ ተይዟል። ደብዳቤው በኢሜይል ተልኳል።»

ከሁሉ መወገድ ያለበት «ለጉዳይዎ ቢሮ ድረስ ይምጡ» የሚለው ነው። ከቀጣሪ የሚመጣ ጥሪ እንደ ምሥራች ይቆጠራል፤ ተወዳዳሪዋ ከአጅባር ተነሥታ፣ ዘመድ መርቋት የምትሰማው እምቢታ ከሆነ መልእክቱ በራሱ ጉዳት አድርሷል። ስልክ ተደውሎ የሚነገር ከሆነም ከሰላምታ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውሳኔው ይሁን።

ማጠቃለያ

ደብዳቤው ግልጽ መሆኑን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ስለ ውድድሩ ምንም ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ አንድ ጊዜ ብቻ አስነብቦ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ሰውየው ተመርጧል? ከዚህ ተቋም የሚጠብቀው ነገር አለ? ነገ ሌላ ቦታ ሊመዘገብ ይችላል? የመጀመሪያው ደብዳቤ በሦስቱም ላይ አንባቢውን ያወላውላል። ሁለተኛው «አልተመረጠም፣ የለም፣ ይችላል» ብሎ ይመልሳል፤ የደሴው ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት ተወዳዳሪዋ ማወቅ የሚያስፈልጋትም ይኸው ነው።