ወተቱ ለምን ይፈላ?



ብዙዎቻችን ከብት፣ ፍየልና ግመል ከሚያረባ ቤተሰብ የመጣን ነን። ለእረፍት ወደ ቤት ስንመለስ መጀመሪያ የሚቀርብልን አሁን የታለበ ትኩስ ወተት ነው። እኔም የእንስሳት ጤና ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ሳላስብ እጠጣው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአጎቴ ሕመም ነው።

አጎቴን ማታ ማታ ትኩሳት ይነሳባቸውና በላብ ይጠመቃሉ፤ ጠዋት ሲሆን ይሻላቸዋል። መጀመሪያ የወባ፣ ቀጥሎ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጣቸው። በሽታው ለጥቂት ቀናት የተወ ይመስልና ይመለሳል። ሁለት ወር ሲሞላ ወገባቸውንና መገጣጠሚያቸውን ይዞ ከአልጋ አዋላቸው። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሁለት ነገር ጠየቋቸው፤ «ወተት ሳይፈላ ይጠጣሉ? ከመንጋዎ የጨነገፈች አለች?» ሁለቱም ልክ ነበር። በዚያ ወቅት ሦስት ፍየሎች ሊወልዱ ሲቃረቡ ጨንግፈዋል። የደም ምርመራው ብሩሴሎሲስ መሆኑን አሳየ። አጎቴ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ ወስደው ዳኑ።

ቤተሰቡ ሊያምን ያልቻለው አንድ ነገር ነበር፤ ከጨነገፉት ፍየሎች በኋላ የታለበው ወተት መልኩም ጣዕሙም አልተለወጠም፤ ፍየሎቹም በደንብ ይግጡ ነበር። የበሽታው አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነው። የታመመች እንስሳ ከጨነገፈች በኋላ ጤነኛ መስላ ጀርሙን በወተቷ ለረጅም ጊዜ ልታወጣ ትችላለች።

ይህን ዓለም የተረዳው በማልታ ደሴት ነው። በዚያ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች በማይለቅ ትኩሳት ይሰቃዩ ነበር። ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርሙን አገኘ፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1905 የማልታው ተወላጅ ዶክተር ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ደም ውስጥ የበሽታውን ምልክት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት የፍየል ወተት ከወታደሮቹ ምግብ ሲወጣ በሽታው በመካከላቸው በፍጥነት ቀነሰ።

ሁለተኛው ስጋት የከብት ቲቢ ነው። ቲቢ ሲባል ሳልና ሳንባ ይታሰበናል። በወተት የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው በአንገት እጢ ወይም በሆድ ዕቃ ላይ ነው። ልጅ አንገቱ ላይ ቀስ እያለ የሚያድግና የማይድን እብጠት ከታየበት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ጥሬ ወተት እንደሚጠጣም ለሐኪሙ ይነገር። ከከብት የሚመጣው ቲቢ ከተለመዱት የቲቢ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፒራዚናማይድን፣ በተፈጥሮው ስለሚቋቋም መረጃው ለሕክምናው ይጠቅማል።

እናቶቻችን «ዕቃው በወይራ ጭስ ታጥኗል» ወይም «ወተቱ ረግቷል» ይሉ ይሆናል። ጭሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፤ መርጋቱም ብዙ ጀርሞችን ያዳክማል። ነገር ግን ሁለቱም የብሩሴሎሲስንና የቲቢን ጀርም ለመግደል አይታመኑም። ከጥሬ ወተት የተሠራ እርጎም ስጋት አለበት።

የሚታመነው እሳት ነው። ወተት 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ15 ሰከንድ ከቆየ ሁለቱ ጀርሞች ይሞታሉ። የፈላ ወተት በደጋም ቢሆን ከ90 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ስህተቱ የሚፈጠረው አረፋው መጀመሪያ ሲነሳ «ፈላ» ብሎ ማውረድ ላይ ነው። አረፋው ወተቱ ገና ሳይፈላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ እሳቱን ቀነስ አድርጋችሁ እያማሰላችሁ፣ መካከሉ ድረስ ሲንተከተክ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩና አውርዱ። ከዚያ በፈላበት ዕቃ ውስጥ ከድናችሁ አቀዝቅዙት። ጥሬ ወተት ወደነበረበት ቅል ከተገለበጠ ጀርሙ ይመለሳል፤ ቅሉ አስቀድሞ በፈላ ውሃ ይታጠብ። እርጎም ቢፈለግ ወተቱ ፈልቶ ለብ ሲል፣ ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ እርሾ ይጨመርበት።

«ሲፈላ ጥቅሙ ይጠፋል» የሚባለውስ? ከቫይታሚኖቹ ጥቂቱ ይቀንሳል፤ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱና ካልሲየሙ ግን ይቀራል።

ማፍላት የማይደርስበትም አለ። ብሩሴሎሲስ የጨነገፈ ፅንስንና የእንግዴ ልጅን በባዶ እጅ በመንካት ይተላለፋል፤ ስለዚህ በጓንት ወይም በፌስታል ተይዞ ውሻ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር። ቲቢ ያለባት ላምም በትንፋሿ ልታስተላልፍ ስለምትችል ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ አትደር።

በዚህ እረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ የመጀመሪያውን ወተት ራሳችሁ አፍሉት፤ ሲንተከተክም ለታናናሾቻችሁ አሳዩአቸው።