የአደጋ ሪፖርት በአንድ ገጽ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያሳውቃል። አደጋው እንዳይደገም ምን ይደረግ የሚለውን የሚመክርበት ደግሞ የድርጅቱ የደህንነት ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው በደንብ እንዲመክር፣ ረጅሙ ሪፖርት በሦስት ክፍል ተጠቃሎ ሊቀርብለት ይገባል፤ የሆነው ነገር፣ ሥር ምክንያቱና መከላከያው።

አንድ ዳቦ ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። የፈረቃ አለቃው ባለ አምስት ገጽ ሪፖርት የሚደመድመው «ሠራተኛው ባለመጠንቀቁ እጁ በሊጥ ማቡኪያው ተጎዳ» ብሎ ነው እንበል።

«ባለመጠንቀቁ» ፍርድ ነው፤ የታየ ነገር ስላልሆነ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አይገባም። እዚያ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20፣ ሠራተኛው ጠርዝ ላይ የተጣበቀ ሊጥ ሲያነሳ ቀኝ እጁን ማሽኑ ያዘው። መክደኛው ክፍት ነበር። ሲከፈት ሞተሩን የሚያቆመው ስዊች በሽቦ ዳይሬክት ተደርጎ ተገኝቷል።» ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንዳየው ወይም በምን እንደተረጋገጠ ይጠቀሳል። ምስክሮች ያልተስማሙበት «አልተረጋገጠም» ይባላል። የተጎጂው ስም አያስፈልግም፤ የሥራ መደቡ ይበቃል።

ሁለተኛው ክፍል ከሽቦው ይነሳል። ስዊቹ ለምን ዳይሬክት ተደረገ? ተበላሽቶ ስለነበር። ለምን አልተቀየረም? መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ስላልነበረና ዳቦው ሳይነጋ መድረስ ስላለበት። ታዲያ ማሽኑ እንደዚያው ሲሠራ ለምን ማንም አላስቆመውም? የደህንነት መሣሪያ ሲነካካ ለማን እንደሚነገር የሚገልጽ ደንብ ስለሌለ፣ ፈረቃ ሲጀመርም ስዊቹን የሚፈትሽ ስለሌለ። ጥያቄው የሚቆመው አመራሩ ሊለውጠው የሚችለው ነገር ላይ ሲደርስ ነው። «ሠራተኛው ቸኮለ» ላይ ከቆመ፣ ነገ ሌላ ሰው በዚያው ማሽን ይጎዳል።

ሦስተኛው ክፍል ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ ይሰጣል። ስዊቹ እስኪቀየር ማሽኑ አይሠራም። መለዋወጫ ስዊች ሁልጊዜ መጋዘን ይቀመጣል። የደህንነት መሣሪያ ዳይሬክት ማድረግ ይከለከላል፤ ብልሽት ሲኖር ቴክኒሻኑ ለፈረቃ አለቃው በጽሑፍ ያሳውቃል። ሊጥ የሚነሳው ማሽኑ ከመብራት ተቋርጦ፣ ብሬከሩም ተቆልፎ ነው። ፈረቃ ሲጀመር ባዶው ማሽን ይነሳና መክደኛው ተከፍቶ መቆሙ ይታያል። ከእያንዳንዱ አጠገብ ኃላፊውና የማጠናቀቂያው ቀን ይሰፍራል። «ሠራተኞች እንዲጠነቀቁ ይነገራቸው» ብቻውን መከላከያ አይሆንም፤ ሽቦውን ከቦታው አያነሳውምና።

የኮሚቴ አባል ከሆኑ ከመፈረምዎ በፊት እያንዳንዱን መከላከያ ወደ ምክንያቱ፣ ምክንያቱንም ወደ ተረጋገጠው ነገር ወደኋላ ይከተሉ። አንዱ ከሌላው ካልተያያዘ ማጠቃለያውን ለጸሐፊው ይመልሱ።