ንብ ነው ዝንብ? ክንፉን አይታችሁ ፍረዱ

መስከረም ላይ አደይ አበባ የሞላበት ሜዳ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አበባውን የሚጎበኙትን ነፍሳት ብታስተውሉ፣ ንብ ናቸው ብላችሁ ካለፋችኋቸው መካከል አንዳንዶቹ ዝንቦች ሆነው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ቡናማና ቢጫ ሸንተረር አላቸው፤ ሰውነታቸው ጠጉራም ነው፤ የአበባ ዱቄትና ወለላ ይበላሉ። መናደፊያ ግን የላቸውም። የንብን መልክ የያዙት ወፍ ሳታስባቸው እንድትሸሻቸው ነው። ሳይንሱ ሲርፊድ የሚላቸው የዝንብ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ይህ መመሳሰል ሰውን ለረጅም ዘመን አሳስቷል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ንብ ከሞተ በሬ ሬሳ ትወለዳለች ብለው ያምኑ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ዝንብ በማጥናት የታወቀው ሩሲያዊው ኦስተን-ሳከን፣ ከሬሳው የወጡት ንቦች ሳይሆኑ ንብ መሳይ ዝንቦች ናቸው ብሎ ጻፈ። የእነዚህ ዝንቦች እጮች በቆሸሸ ውሃና በብስባሽ ውስጥ ስለሚያድጉ ነገሩ ያስኬዳል። የሳምሶን ነገር ግን ለብቻው ይታይ፤ እሱ ከአንበሳው ሬሳ ማር አውጥቶ በልቷል፣ ዝንብ ደግሞ ማር አትሠራም።

ታዲያ በምን ይለያሉ? ቀለም አይረዳም፤ ቀለም ለማሳሳት የተሰጠ ነውና። ክንፍ ግን እውነቱን ይናገራል። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ዝንብ ሁለት ብቻ።

ለምን ክንፍ ላይ እንደምናተኩር ለመረዳት የነፍሳትን አካል ቶሎ እንይ። ሰውነታቸው ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ራሱ ላይ ዓይን፣ አንቴናና አፍ አለ። ደረቱ ራሱ ከሦስት ቀለበቶች የተሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ጥንድ እግር ይይዛል፤ ስድስት እግር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ክንፍ የሚወጣው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀለበት ነው። ሆድ ላይ እግርም ክንፍም የለም። መንቀሳቀሻው ሁሉ ደረት ላይ ስለተሰበሰበ፣ ነፍሳትን የሚለይ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ደረቱ ላይ ነው።

ንብንና ዝንብን ስንለይ አንድ ችግር ይገጥመናል። ንቧ ስትበር የፊትና የኋላ ክንፎቿ ተያይዘው እንደ አንድ ክንፍ ይሠራሉ። በኋላ ክንፏ ፊተኛ ጠርዝ ላይ ሃያ ገደማ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉ፤ እነዚህ የፊተኛውን ክንፍ የታጠፈ ጠርዝ ጨብጠው ይይዛሉ። ስለዚህ በዓይን ብቻ የቆጠረ ሰው ‹‹ሁለት ክንፍ አላት፣ ዝንብ ናት›› ብሎ ይሳሳታል። የሞተች ንብ አግኝታችሁ ክንፎቿን በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ብትለያዩ አራቱን ታያላችሁ። ዝንቡ ላይ ግን ብትፈልጉ፣ የኋላ ክንፍ በነበረበት ቦታ የምታገኙት ጫፉ ያበጠ ትንሽ ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ዝንቡ ሲበር ከክንፉ ጋር ይርገበገባል፤ ሰውነቱ ወደየት እንደዞረም ለነርቩ ያሳውቀዋል። ዘንጎቹ የተቆረጡበት ዝንብ ሚዛኑን አይጠብቅም።

የዝንቦችን ታላቅ ወገን ሳይንስ ‹‹ባለ ሁለት ክንፍ›› በሚል ትርጉም ዲፕቴራ ይለዋል። ስያሜውን ያጸደቀው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ነፍሳትን በሰባት ወገን ሲከፍል ነው። መለኪያ ያደረገው በዋናነት ክንፍን ነበር። የጢንዚዛ ወገን ጠንካራ የፊት ክንፉ እንደ ክዳን የኋላውን ይሸፍናል፤ የቢራቢሮ ወገን ክንፉ በቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ በጣታችሁ ስትነኩት የሚቀርባችሁ ዱቄት ያ ቅርፊት ነው።

ክንፍ ቆጥሮ ብቻ ግን ሁሉም አይለይም። ክንፉ ውስጥ ያሉትን ጅማቶች ማየት ያስፈልጋል። ጅማት የምለው ስስ በሆነው የክንፍ ቆዳ ውስጥ የሚሮጡትን ጠንካራ መስመሮች ነው። ባዶ ቱቦ ናቸው፤ የነፍሳቱ ደም፣ ነርቩና የአየር ቱቦው በእነሱ ውስጥ ያልፋሉ፣ ክንፉንም ወጥረው ይይዙታል። መስመሮቹ ሲገናኙ በመካከላቸው የተዘጉ ክፍሎች ይፈጠራሉ። የክፍሎቹ ብዛትና ቅርፅ በአንድ ወገን ውስጥ ብዙ ስለማይለዋወጥ እንደ መታወቂያ ያገለግላል። ንብ መሳዩ ዝንብ ራሱ የሚታወቅበት አንድ መስመር አለው፦ በክንፉ መካከል፣ ከየትኛውም ጅማት ጋር ሳይያያዝ፣ ጅማት መስሎ የሚዘረጋ የክንፍ ቆዳ እጥፋት። በማጉያ መነጽር ሲታይ ደብዛዛ ጥላ ይመስላል። እሱን ያየ ሰው ዝንብነቱን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም ያውቃል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ክረምት ሲገባ፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት ማታ አምፑል የሚከቡ ክንፋሞች አሉ። ጠዋት መስኮት ሥር ክንፋቸው ረግፎ ይገኛል። ምስጥ ናቸው ወይስ ጉንዳን? ቤቱ የእንጨት ከሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከረገፉት ክንፎች ጥቂቶቹን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ሁሉም በርዝመትም በስፋትም እኩል ከሆኑ የምስጥ ናቸው። ምስጥ አራቱም ክንፎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መሠረታቸው ላይ ቀድሞ የተሠራ የመሰበሪያ መስመር አለ፤ ሲሰበሩም ሰውነቱ ላይ ትንሽ ጉማጅ ይተዋሉ። ክንፉ ላይ የሚታዩት መስመሮች ብዙና ደካማ ናቸው። ጉንዳን ከሆነ ግን ግማሾቹ ክንፎች ከሌሎቹ በግልጽ ያነሱ ናቸው፤ የኋላ ክንፏ ከፊተኛው ታንሳለችና። ጅማቶቿ ጥቂትና ጉልህ ናቸው፤ በፊተኛው ክንፍ ጠርዝ ላይም ጠቆር ያለ ነጥብ ይታያል። ሙሉ ሰውነቱ ከተገኘ ደግሞ ወገቡን እዩ፦ ጉንዳን ወገቧ ተቀጥኖ አንቴናዋ እንደ ክርን ታጥፏል፤ ምስጥ ወገብ አልባ ነው፣ አንቴናውም ቀጥ ብሎ እንደ ጨሌ የተደረደረ ነው። ቤተሰባቸውም ይራራቃል። ጉንዳን ከንብና ከተርብ ወገን ናት። ምስጥ ግን ዛሬ በረሮ ወገን ውስጥ ይመደባል።

የክንፍ ንባብ ትልቁን ዋጋ የሚያወጣው በቆላ ነው። በኦሞና በአባይ ሸለቆ፣ በጊቤ አካባቢም ከብት በገንዲ በሽታ ይጎዳል፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ፣ ሌላው ዓለም ጸጸ የሚለው ነው። ዝንቡን ለመቁጠር ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ያለው ወጥመድ ይተከላል። ወጥመዱ የሚሰበስበው ግን የቆላ ዝንብን ብቻ አይደለም። ከብት የሚነክሱ ትልልቅ ዝንቦች ይገባሉ፤ በተለይ ከቤት ዝንብ የማይለይ የሚመስል፣ ነገር ግን መንከሻ አፉ ወደ ፊት የወጣ የበረት ዝንብ ይገባል። የቆላ ዝንብም አፉ ወደ ፊት ወጥቷል። እነዚህን ያቀላቀለ ቆጣሪ የሌለ ዝንብ አለ ብሎ ያስጽፋል፤ መድኃኒቱም ሊያስፈልግ ወደማይገባው ቦታ ይሄዳል።

መለያው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ የቆላ ዝንብ ሲያርፍ ክንፎቹ አንዱ በሌላው ላይ ሙሉ በሙሉ ይደራረባሉ፤ የበረቱ ዝንብ ግን ክንፎቹን ወደ ጎን ከፈት አድርጎ ያርፋል። ወጥመድ ውስጥ የደረቀ ዝንብ ግን እንደ አራራፉ አይገኝም። ያኔ ሁለተኛው ይፈለጋል። አንዱን ክንፍ ከሥሩ ነቅላችሁ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉና አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር መሃሉን እዩ። ከክንፉ ሥር ተነስቶ በመካከል የሚሄደው ጅማት ወደ ላይ በጉልህ ይቆለመማል፤ በዚህም ከእሱ በታች ያለው ክፍል ወደ ሥሩ ቀጭን፣ ወደ ጫፉ ሰፊ ሆኖ ጠርብ መጥረቢያ ይመስላል። ባለሙያዎች የመጥረቢያ ክፍል የሚሉት ይህንን ነው። በሌላ ዝንብ ላይ የለም። አካሉ ፈርሶ ክንፉ ብቻ ቢቀር እንኳ ፍርዱ አይቀየርም።

ሊኒየስ ግን በክንፍ ብቻ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ተሰነካክሏል። ክንፍ የሌላቸውን ሁሉ በአንድ ወገን ሰበሰበ። በዚህም ቁንጫና ቅማል ከሸረሪትና ከሸርጣን ጋር አንድ ላይ ተገኙ። ስህተቱን የሚያርመው እግር ነው። ሸረሪትና መዥገር ስምንት እግር አላቸው፤ ከነፍሳት መደብ አይደሉም። ቁንጫና ቅማል ስድስት አላቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን አይገናኙም። ቁንጫ ከጎንና ከጎን የተጨፈለቀች ናት፣ የኋላ እግሯም ለመዝለል ረዝሟል። ቅማል ከላይ ወደ ታች ተጨፍልቃ፣ እያንዳንዱ እግሯ ጫፉ ላይ በአንድ ትልቅ ጥፍር ያልቃል፤ ጥፍሩ ከቅልጥሙ ጉብታ ጋር ሲገጥም በመካከሉ ጠጉር ይጠፈራል። ስለዚህ ቅማል አትዘልም፣ ከጠጉር ከወጣችም በደንብ አትራመድም።

የነፍሳት እግር ከሥሩ ሲታይ አጭር መገጣጠሚያ፣ ከዚያ ትንሽ ቁራጭ፣ ጭን፣ ቅልጥም፣ መጨረሻ ላይ የተቆራረጠ መርገጫ ነው። የአንበጣና የፌንጣ የኋላ ጭን የተነፋው ለዝላይ በሚያስፈልገው ጡንቻ ነው። የሠራተኛ ንብ የኋላ ቅልጥም ደግሞ ውጪው ለስላሳና ጎድጎድ ያለ ሲሆን ዙሪያው በረጃጅም ጠጉር ተከቧል። የአበባ ዱቄት የምትጭንበት ቅርጫት እሱ ነው። ንብ መሳዩ ዝንብ ይህን ቅርጫት አልኮረጀም፤ እግሩ ቀጭን ነው። ንግሥቲቱና ወንዱ ንብም ቅርጫት የላቸውም፤ ቅርጫት ጠፋ ብሎ ‹‹ዝንብ ነው›› ማለት አይቻልም።

እግር ብቻውን ደግሞ ያሳስታል፤ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ነፍሳት ባይዛመዱም ተመሳሳይ እግር ያበጃሉና። የፊት እግሩን አጥፎ የሚጸልይ የሚመስለው አዳኝ ይታወቃል፤ እግሩ እሾኻማ ነው፣ ሌላ ነፍሳት ሲቀርበው ይዘረጋውና ይቀልበዋል። ይህን እግር በትክክል የያዘ ሌላ ትንሽ ነፍሳት አለ፣ ማንቲስፒድ የሚባል። ፎቶ ብቻ ያየ ሰው አንድ ነው ብሎ ይምላል። ክንፉን ሲያዩ ግን የመጀመሪያው የፊት ክንፉ እንደ ቆዳ ወፍሮ ጀርባው ላይ ተኝቷል፤ የሁለተኛው አራቱም ክንፎች ግልጽና ስስ ሆነው በብዙ ተሻጋሪ ጅማቶች እንደ መረብ ተሠርተዋል፣ ሲያርፍም እንደ ቤት ጣሪያ ይዳፋሉ። የዚህኛው ዘመዱ መረብ ክንፍ የሚባለው ወገን ነው፤ እግሩን ያገኘው ለብቻው ነው።