የመነጽር ሌንስ፣ የሰዓት ሠሪ ማጉያ እና አራት ቁጥሮች

የካ አባዶ ካለ አንድ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ጨረቃን ቀረብ አድርጎ ለማየት ሁለት ሌንሶች ይበቃሉ። አንዱ ቁጥሩ +2 ከሆነ የማንበቢያ መነጽር የወጣ ነው፤ ሌላው ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት አምስት እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ነው። የመጀመሪያው የትኩረት ርቀት 50 ሴንቲሜትር፣ የሁለተኛው 5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ዮሐንስ ኬፕለር በ1611 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የገለጸው ቴሌስኮፕ የተሠራው እንዲህ ካሉ ሁለት ሌንሶች ነበር። በሌንሶቹ መካከል ስንት ሴንቲሜትር ይኑር? ስንት እጥፍ ያጎላል? ዓይንስ የት ይሁን? የኦፕቲክስ ተማሪ ሦስቱንም የሚመልሰው በአንድ ስሌት ነው፤ በጨረር ማስተላለፊያ ማትሪክስ።

የዘዴው መነሻ ቀላል ነው። በሌንሶቹ መሐል ለመሐል የሚያልፍ አንድ ዋና መስመር እናስብ። ማንኛውም ጨረር የትም ቢሆን በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል፦ ከዋናው መስመር ባለው ከፍታ y እና ከመስመሩ ጋር በሚሠራው ማዕዘን θ፣ በሬዲያን። ጨረሩ ርዝመቱ d የሆነ ባዶ ክፍተት ሲያቋርጥ ማዕዘኑ አይለወጥም፤ ከፍታው ግን በ d·θ ይጨምራል። የትኩረት ርቀቱ f የሆነ ስስ ሌንስ ሲያልፍ ደግሞ ከፍታው ባለበት ይቆያል፤ ማዕዘኑ በ y/f ይቀንሳል። ሁለቱ ሕጎች በማትሪክስ ሲጻፉ ይህን ይመስላሉ፦

```
T = [ 1  d ]      L = [  1    0 ]
    [ 0  1 ]          [ -1/f  1 ]
```

T ለክፍተት፣ L ለሌንስ ነው። የመላው ቴሌስኮፕ ማትሪክስ የሦስቱ ብዜት ነው፦ M = L2·T·L1። ጨረሩ መጀመሪያ የሚያገኘው የመነጽሩ ሌንስ L1 በቀኝ ጫፍ መጻፉን ልብ ይሏል። በጨረሩ ላይ ቀድሞ የሚሠራው ማትሪክስ ከጨረሩ አጠገብ መቆም ስላለበት ነው።

ከጨረቃ አንድ ነጥብ የሚመጡ ጨረሮች ትይዩ ናቸው፤ ያልተጨነቀ ዓይንም ትይዩ ጨረር ይፈልጋል። ስለዚህ የሚወጣው ማዕዘን ጨረሩ በገባበት ከፍታ መወሰን የለበትም፤ የማትሪክሱ የታችኛው ግራ ቁጥር ዜሮ መሆን አለበት ማለት ነው። ብዜቱ ሲሠራ ያ ቁጥር d/250 − 1/50 − 1/5 ይሆናል። ዜሮ የሚሆነው d 55 ሴንቲሜትር ሲሆን ብቻ ነው። የቀረው ይህ ነው፦

```
M = [ -0.1   55 ]
    [   0   -10 ]
```

የታችኛው ቀኝ ቁጥር −10 ማዕዘን አሥር እጥፍ እንደሚያድግ ይናገራል፤ የቅነሳ ምልክቱ ምስሉ እንደሚገለበጥ ያሳያል። በባዶ ዓይን ግማሽ ዲግሪ የምትሰፋው ጨረቃ አምስት ዲግሪ ትሆናለች። የላይኛው ግራ −0.1 ደግሞ የጨረሩ ዘለላ ሲወጣ በአሥር እጥፍ እንደሚጠብ ይገልጻል። 55 ቁጥር የዓይንን ቦታ ይሰጣል። በመጀመሪያው ሌንስ መሐል በማዕዘን θ የገባ ጨረር ሲወጣ ከፍታው 55θ፣ ማዕዘኑ −10θ ነው። ስለዚህ ከማጉያው 5.5 ሴንቲሜትር ርቆ ዋናውን መስመር ያቋርጣል። ዓይን መቀመጥ ያለበት እዚያ ነው።

በፈተና ወረቀት ላይ የተለመደው ስህተት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። L1·T·L2 ብሎ ያባዛ ተማሪ −10ን በላይ ግራ፣ −0.1ን በታች ቀኝ ያገኛል። ዲተርሚናንቱ አሁንም 1 ነው፤ መሆንም ያለበት 1 ነው፤ ስለዚህ ማረጋገጫው ስህተቱን አያጋልጥም። እንዲያውም ያ ማትሪክስ ትክክለኛ መሣሪያን ይገልጻል፦ ተገልብጦ የተያዘና ጨረቃን በአሥር እጥፍ የሚያሳንስ ቴሌስኮፕ። የሌንስ ምልክት ቢሳሳትም ዲተርሚናንቱ 1 ሆኖ ይቀራል። ዲተርሚናንት የሚይዘው የማባዛት ስህተትን ነው፤ የአሠራር ሐሳብ ስህተትን አይይዝም።

ዘዴው ወሰን አለው። ማዕዘንና ታንጀንቱ እኩል ናቸው ብሎ ይነሣል። በ10 ዲግሪ ልዩነቱ አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ በ30 ዲግሪ ወደ አሥር በመቶ ይጠጋል። ለጨረቃ ችግር የለውም። በጨረቃ ጠርዝ የሚታየውን ባለቀለም መስመርም ማትሪክሱ አይተነብይም፤ የአንድ ሌንስ የትኩረት ርቀት ለቀይና ለሰማያዊ ብርሃን የተለያየ ነውና። በእንጦጦ ታዛቢ ጣቢያ ያሉት ሁለት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ብርሃን የሚሰበስቡት በመስተዋት ስለሆነ ዋናው ክፍላቸው ይህ ችግር የለበትም። መስተዋትም በዚሁ የሌንስ ማትሪክስ ይገባል፤ f የመስተዋቱ ኩርባ ራዲየስ ግማሽ ይሆናል።

ስሌቱን በቀን መፈተን ይቻላል። ቴሌስኮፑን ከፀሐይ በሚርቅ ብሩህ ሰማይ ላይ አነጣጥሮ ነጭ ወረቀት ከማጉያው ኋላ መያዝ ነው። 5.5 ሴንቲሜትር አካባቢ ጠርዙ ጥርት ያለ ብሩህ ክብ ይታያል። የመነጽሩ ሌንስ 4 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ክቡ 4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። በተገለበጠው ብዜት ቢሰላ ግን ክቡ 5.5 ሜትር ርቆ ይጠበቅ ነበር።