ከክርስትናው በኋላ የሚረግፈው ፀጉር

ሴት ልጅ የወለደች እናት ለ80ኛው ቀን ክርስትና ሹሩባ ተሠራች እንበል። ሁለት ሳምንት አቆይታ ስትፈታው እጇ ላይ እፍኝ ሙሉ ፀጉር ይቀራል። ያን ጊዜ ሠሪዋ ትወቀሳለች፤ ካልሆነም ጡት ማጥባቱ ወይም የሰው ዓይን ይሆናል ምክንያቱ። እውነተኛው ምክንያት ግን የተጀመረው ከሦስት ወር በፊት፣ በወለደችበት ዕለት ነው።

ራሳችን ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ። እያንዳንዱ ሥር ለተወሰኑ ዓመታት ፀጉሩን ሲያሳድግ ይቆይና ሦስት ወር ያህል ያርፋል፤ ከዚያ አሮጌውን ጥሎ አዲስ ይጀምራል። ሥሮቹ የሚያርፉት በየተራ ስለሆነ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍም አናስተውለውም። በእርግዝና ጊዜ ግን ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚጨምር ብዙ ሥሮች የዕረፍት ተራቸውን ያዘገያሉ። ነፍሰ ጡሯ ፀጉሯ የበዛላት የሚመስላትም መርገፍ የነበረበት ስላልረገፈ ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ ተራቸውን ያሳለፉት ሥሮችም ባንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባሉ። ፀጉሩ የሚወድቀው የዕረፍቱ ጊዜ ሲያበቃ ነው። ስለዚህ መርገፉ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በአራተኛው ወር ገደማ ይበረታል፣ ከስድስተኛው ወር በኋላ እየቀለለ ሄዶ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ይቆማል።

የእናቲቱን ሹሩባ በዚህ ስሌት እንየው። 80 ቀን ላይ 14 ሲጨመር 94 ይሆናል፤ መርገፉ የሚበረታበት ሰሞን ማለት ነው። በዚያ ላይ ሹሩባ የረገፈውን ፀጉር አስሮ ያቆየዋል። በቀን 100 ቢረግፍ እንኳ በ14 ቀን 1,400 ይሆናል፤ በዚህ ሰሞን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሁሉም የሚታየው ሲፈታ ነው። ወንድ ልጅ የወለደችው እናት በ40ኛው ቀን ተሠርታ ስትፈታ ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል አታይም፤ እሷ ዘንድ የሚመጣው ከወር በኋላ ነው።

ሠሪዋ ጥፋት ይኖርባት እንደሆነ የሚነግረን ፀጉሩ ራሱ ነው። አንድ ዘለላ ብርሃን ላይ ይዛችሁ ጫፎቹን ተመልከቱ። በአንዱ ጫፍ ትንሽ ነጭ እብጠት ካለ ዕረፍቱን ጨርሶ የወደቀ ነው፤ በቦታው አዲስ ይበቅላል። እብጠት የሌለው አጭር ቁራጭ ከሆነ ግን ተሰብሯል፤ መነሻውም ካስክ፣ ሪላክሰር ወይም አበጣጠር ሊሆን ይችላል። ሲሠሩት የሚያም፣ ግንባር ዳር ላይ ጥቃቅን ብጉር የሚያወጣ ሹሩባ ሥሩን ራሱን ይጎዳል። እንዲህ ያለው ጉዳት ሲደጋገም ፀጉሩ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። በነዚህ ወራት ፊት ለፊት ላላ ተደርጎ ቢሠራ፣ ካልሆነም ለስለስ ባለ ጨርቅ ዝቅ ብሎ ቢታሰር ይመረጣል።

ብዙ እናቶች ፀጉሩ እንዳይረግፍ ብለው መታጠብ ይተዋሉ። መታጠብ ግን ከሥሩ የለቀቀውን ያወርዳል እንጂ ሌላ አይነቅልም። እንደወትሮው ታጥቦ፣ ኮንዲሽነር እንደተቀባ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እየወጡ ማፍታታት ነው። ቅቤም የደረቀውን ፀጉር ያለሰልሳል፣ ስብራትም ይቀንሳል፤ የሥሩን የዕረፍት ጊዜ ግን አይቀይርም። አዲሱ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከጥቂት ወራት በኋላ ግንባር ላይ አጫጭር ሆኖ ይቆማል። ይህ የመመለሱ ምልክት ስለሆነ በካስክም በጥብቅ ሹሩባም ማስገደድ አያስፈልግም።

የረገፈው ፀጉር ሕፃኑንም ሊጎዳ ይችላል። አንድ ዘለላ ካልሲ ውስጥ ገብቶ በእግር ጣቱ ላይ ሲጠመጠም ደም ያግዳል። ሕፃኑ ያለምክንያት አልቅሶ አልባበል ካለ የእጅና የእግር ጣቶቹን አንድ በአንድ እዩ፤ ወንድ ከሆነ ብልቱንም ጨምሩ። ጣቱ ያበጠና የቀላ ከሆነ፣ ፀጉሩም ወዲያው አልወጣ ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

መርገፉ ዓመት ካለፈው፣ ወይም በእኩል ከመሳሳት ይልቅ ክብ ክብ እየሆነ ከተመለጠ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ብረት ሊያንሳት ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታያል። ምስርና ሽሮ ብረት አላቸው፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ አብሯቸው ሲበላ ሰውነት የበለጠ ይወስደዋል፤ ምግቡን ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን የሚወስደውን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ቡናው አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይሻላል። ከወሊድ በኋላ የታይሮይድ ዕጢም ሊታወክ ይችላል፦ መጀመሪያ ልብ ይመታል፣ ላብ ይበዛል፤ ወራት ቆይቶ ብርድ ብርድ ይላል፣ ድካሙም ከእንቅልፍ ማጣት የባሰ ይሆናል። አራስነት የሁሉ ነገር ሰበብ ተደርጎ ስለሚቆጠር ይህ በቀላሉ ይታለፋል። እነዚህ ምልክቶች ከፀጉሩ ጋር አብረው ከመጡ ሐኪሙ የታይሮይድ ምርመራ እንዲያዝ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የምታጠባ እናትም ፀጉር ያበቅላል የተባለ መድኃኒት ከመቀባቷ በፊት ሐኪሟን ታማክር።