ለማይመጣው ሰው ማን ይከፍላል?

አንድ ጂም በአቅራቢያው ላለ መሥሪያ ቤት የሚያቀርበው ፕሮፖዛል ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከላይ አርማ፣ ከሥሩ የማሽኖቹ ፎቶ፣ ቀጥሎ ስለ ጤና ሁለት አንቀጽ፣ በመጨረሻም «ለሠራተኞችዎ ልዩ ቅናሽ» የሚል መስመር። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ፈገግ ብላ ፋይል ውስጥ ታስገባዋለች፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ደብዳቤው የሚወድቀው ስለ ዋጋ ስላልጻፈ አይደለም። ከተመዝጋቢዎቹ ስንቶቹ በትክክል እንደሚመጡና ለማይመጡት ማን እንደሚከፍል ስላልጻፈ ነው።

ይህን ጥያቄ ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በቁጥር አሳይተውታል። በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሦስት የአሜሪካ ጂሞች የ7,752 አባላትን መዝገብ አገላበጡ። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት የሚመጡት በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንዱ ጉብኝት ከ17 ዶላር በላይ አስወጣቸው። የ10 ጊዜ ካርድ ቢገዙ ኖሮ ግን በእያንዳንዱ ጉብኝት 10 ዶላር ይበቃቸው ነበር። ሰው ሲመዘገብ የሚያስበው የሚመኘውን ራሱን ነው፤ ከሥራ ደክሞ የሚወጣው ደግሞ ሌላው ራሱ ነው።

ገንዘቡን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ሲሆን ይህ ጉድለት ይብሳል። ለምሳሌ 120 ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤትና ወርኃዊ ዋጋው 3,000 ብር የሆነ ጂም እንውሰድ (ቁጥሮቹ ለማስረጃ ብቻ ናቸው)። ጂሙ «በነፍስ ወከፍ 500 ብር ክፈሉ፣ ሁሉም ይግባ» ይላል። ርካሽ ይመስላል፤ በወር 60,000 ብር ነው። ሠላሳ ሰው ከመጣ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ተጠቃሚ 2,000 ብር ወጣበት፤ ተጠቀመ። አሥራ ሁለት ብቻ ከመጡ ግን በአንዱ 5,000 ብር ከፈለ ማለት ነው፤ በር ላይ ከሚከፈለውም በላይ። ሚዛኑ የሚያርፈው 20 ሰው ላይ ነው። ጂሙ ግን በሁለቱም መንገድ ያው 60,000 ብሩን ይቀበላል፤ እንዲያውም ሰው ባይመጣለት ማሽኑ አያረጅበትም።

ጥሩ ፕሮፖዛል ይህን ይገለብጠዋል። ጂሙ ዋጋውን ወደ 2,400 ብር ዝቅ ያደርግና ግማሹን መሥሪያ ቤቱ፣ ግማሹን ሠራተኛው እንዲከፍል ያቀርባል፤ በወሩ አንድ ጊዜም ላልመጣ ሰው መሥሪያ ቤቱ ምንም አይከፍልም። ሠላሳ ሰው ቢመጣ መሥሪያ ቤቱ 36,000 ብር ያወጣል፣ ጂሙም በድምሩ 72,000 ያገኛል። አሥራ ሁለት ብቻ ከመጡ ጂሙ 28,800 ብር ይዞ ይቀራል፤ ሠራተኛውን የመጎትጎቱ ሥራም የእሱ ይሆናል። ከኪሱ 1,200 ብር ያወጣ ሠራተኛም በነጻ ካርድ ከተሰጠው ሰው ይልቅ ሳይመጣ መቅረት ይቆረቁረዋል።

የክፍያው መንገድ አንድ ስስ ነገርም ይነካል። የሠራተኛው ድርሻ ከደመወዝ ከተቆረጠ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ጂሙ ድርሻውን ራሱ ከሠራተኛው ቢቀበል ለአለቆቹ የሚደርሰው ቁጥር ብቻ ይሆናል፤ የሚጠራጠር ሒሳብ ሹም ካለ መዝገቡን ሄዶ ማየት ይችላል።

ታዲያ «የሕመም ፈቃድ ይቀንሳል» የሚለው ተስፋስ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ 5 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞቹን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ወገን የጤና ፕሮግራም አቀረበ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት በሕክምና ወጪም ሆነ በሥራ ውጤታማነት ላይ ጉልህ ለውጥ አላሳየም። የተሳተፉት ሰዎች ግን ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበሩ። ተሳታፊን ካልተሳተፈ ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ፕሮፖዛል ይህን ልዩነት የራሱ ሥራ አድርጎ ያቀርበዋል። ጂም ሊሸጥ የሚገባው ያለውን ነው፤ ቅርበቱን፣ ሰዓቱንና ቅናሹን።

ሰዓቱን በሉኝ ካላችሁ፣ ችግሩ የሚታየው እዚያ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ጂሙ ራሱ ሙሉ ስለሆነ ቅናሹን የሚሰጠው ባዶ በሆነበት በምሳ ሰዓት ነው። የአንድ ሰዓት ምሳ እንቁጠር። ለመሄድ 8 ደቂቃ፣ ለመመለስ 8፣ ለስፖርቱ 30፤ የቀረው 14 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው ለመታጠብ 5 ደቂቃ ቢወስድና ሻወሩ ሁለት ቢሆን፣ በዚያ ጊዜ የሚታጠቡት አራት ሰዎች ናቸው። አሥራ አምስት ሰው ከመጣ አሥራ አንዱ ላቡን ይዞ ወደ ቢሮ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ኃላፊዋ ከማንኛውም ፎቶ በፊት የሻወሩን ቁጥር ብትጠይቅ፣ ወይም የምሳ ሰዓቱ በ30 ደቂቃ እንዲረዝም ከአለቆቿ ጋር ብትነጋገር፣ የሦስት ወር ሙከራው መዝገብ ላይ ስንት ስም እንደሚቀር ከወዲሁ መገመት ትችላለች።